የሠርግ ካርድ ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ፦ ምኑ ይንቀሳቀሳል፣ ምኑ ባለበት ይቆያል?

መድረሳ የቀራ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ዐረብኛ የተጻፈበት ነገር ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣል። የመድኃኒት ብልቃጥም ይሁን የተምር ካርቶን "እስኪ አንብበው" ይባላል። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ የሚመለስ ጽሑፍ መጣብኝ፤ የአጎቴ ልጅ የሠርግ ካርድ። ጅዳ የምትኖረው አክስቴ ባለቤቷ የመናዊ ነው። እርሱና ወንድሞቹ ደሴ ድረስ መጥተው ሠርጉን ሊታደሙ አስበዋል፤ አማርኛ ግን አያነቡም። አክስቴ የካርዱን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝና "የኔ ልጅ፣ አንተ መድረሳ ቀርተህ የለ? ለእነሱ የሚሆን አድርገህ ጻፍልኝ" አለችኝ። አንድ ሰዓት የማይፈጅ መስሎኝ "አብሽሪ" አልኳት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችን ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚደርሰን ነው። ዘመድ የሌለው በሳዑዲ፣ በየመን ወይም በሱዳን የለም ማለት ይቻላል። የዐረብኛውን ሐረግ እዚህ በእኛው ፊደል የማስቀምጠው ሁለቱን ጽሕፈት አንድ መስመር ላይ ስናደርጋቸው ኮምፒዩተራችን ስለሚያዘበራርቃቸው ነው። ዐረብኛውን የምታውቁ ከድምፁ ትለዩታላችሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት ከፎቶው በቀጥታ መተርጎም መጀመሬ ነው። ካርዱ ወርቃማ ቀለም ያለው ነበር፤ ብልጭታው ግማሹን መስመር ውጦታል፣ ከታች በቀኝ በኩል ደግሞ የአክስቴ አውራ ጣት አለ። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ስለሚያሳንሰው ትንንሹ ጽሑፍ ሲጎላ ይደበዝዛል። እንዲህ ሲሆን ፎቶው እንደ ፋይል እንዲላክ ማድረግ፣ ካርዱን ከመስኮት ብርሃን ጎን ለጎን አድርጎ ያለ ፍላሽ ማንሳት ይበቃል። ከዚያ አማርኛውን መስመር በመስመር፣ ቅንፍና ነጥብ ሳይቀር፣ ወረቀት ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል። እኔ ይህን ያደረግሁት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው፤ ስሕተቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ካርዱ ስሞቹን "እገሌ" እያልን ብናነበው እንዲህ ይል ነበር። ከላይ ቢስሚላህ፣ ከእርሱ ሥር የሱረቱ ሩም 21ኛ አንቀጽ የአማርኛ ትርጉም። ቀጥሎ ሁለት ዓምድ አለ። በግራ "ሐጂ እገሌ እና ወ/ሮ እገሊት"፣ በቀኝ "ሐጂ እገሌ (ረሒመሁላህ) እና ሐጃ እገሊት"። ከሥሩ፦ "ልጆቻችን ኢንጂነር እገሌ እና ወ/ሪት እገሊት በአላህ ፈቃድ እሑድ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ጋብቻቸውን ስለሚፈጽሙ፣ ከቀኑ 6፡30 ጀምሮ ደሴ ሸዋ በር በሚገኘው የሙሽራው ወላጆች መኖሪያ ቤት በተዘጋጀው የምሳ ግብዣ ላይ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል።" ከግርጌ የኒካሑ ጊዜ "ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ" ተብሎ ተጽፏል፣ ከጎኑ የአንድ ኡስታዝ ስምና ስልክ።

አማርኛው ላይ "ጠርተንዎታል" የሚለው ግስ መጨረሻ ላይ ነው። አንባቢው ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ የት የሚለውን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው መጠራቱን የሚሰማው። የዐረብኛ ካርድ በተቃራኒው በግሱ ይጀምራል፤ "የተሸረፉ" ይላል፣ ክብር ይሰማዋል እንደ ማለት። ቀጥሎ የጠሪዎቹ ስም ይመጣል፣ ከዚያ "ቢደዕወቲኩም ሊሑዱሪ ሐፍሊ ዘፋፊ"፣ ወደ እገሌ ሠርግ እንድትመጡ በመጥራት። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት "ደዐውናኩም ቢልኢሕቲራም" የሚል ነበር። ሰዋስዉ ልክ ነው፣ በአክብሮት ጠራናችሁ ነው የሚለው። ግን ለዐረብ አንባቢ የሆነ ነገር የሚዘግብ እንጂ ካርድ አይመስለውም። አማርኛው ውስጥ አክብሮቱን የተሸከመው "በአክብሮት" የሚለው ቃልና የ"እርስዎ" አነጋገር ነው፤ ዐረብኛው ላይ ያንኑ ሸክም "የተሸረፉ" እና የብዙ ቁጥሩ "ኩም" ይሸከሙታል። ስለዚህ ቃሉን ሳይሆን ክብሩን ነው የምናሻግረው። ለአንድ ሰው ብትጽፉም "ኩም" በሉ፤ "ከ" ብሎ መጻፍ አጎትን አንተ እንደ ማለት ይሆናል።

እዚህ ላይ ነሕው የቀራ ሰው የሚጠራጠርበት ቦታ አለ። ጠሪዎቹ ብዙ ሆነው ሳለ ግሱ ለምን በነጠላ "የተሸረፉ" ይሆናል? ግስ ከባለቤቱ ሲቀድም በነጠላ ይቆያልና ነው። ባለቤቱ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ለሁለት ሰው "የተሸረፋኒ" ይባል ነበር። አንድ ጓደኛዬ ረቂቄን አይቶ ወደ ብዙ ቁጥር ሊያስተካክልልኝ ፈልጎ ነበር፤ እንዳትሰሙት፣ መልካም አሳቢ ነው ግን ተሳስቷል።

ግሱ ወደ ፊት ሲመጣ ግን ያልጠበቅሁት ነገር አብሮት መጣ። አማርኛው ላይ የወላጆች ስም ከላይ ተቀምጦ የሚታየው እንደ አርእስት ነው። ማን ማን እንደ ወለደ ይናገራል፤ ከመጥራቱ ጋር በጥብቅ አልታሰረም። ዐረብኛው ላይ "የተሸረፉ" ካለ በኋላ የሚመጣ ስም ሁሉ ጠሪ ነው። እኔ ስሞቹን በተርታ አሰለፍኩና ረቂቁን መድረሳ ላስተማሩኝ ኡስታዝ ላክሁላቸው። ደወሉልኝ። "ይህ የሙሽራዋ አባት በሕይወት አሉ እንዴ? እኔ ጀናዛቸውን የሰገድኩ ይመስለኛል" አሉኝ። ፎቶው ላይ "(ረሒመሁላህ)" የሚለው ቅንፍ የወደቀው በትክክል አውራ ጣቱ ሥር ነበር። ሁለት ዓመት ያለፋቸውን ሰው "ልጄን ስድር እንድትገኙልኝ በመጥራቴ እከበራለሁ" አስብዬ ወደ ጅዳ ልልከው ነበር። ሐጃ ያንን ቢሰሙ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ዐረብኛው ራሱ ለዚህ የተዘጋጀ አነጋገር አለው። በሟቹ ምትክ "ዓኢለቱል መርሑሚል ሓጅ" ይባላል፣ የመርሑም ሐጂ እገሌ ቤተሰብ። እናትየው ስማቸው ካርዱ ላይ ስላለ "ወልሓጃቱ እገሊት ወዓኢለቱል መርሑሚል ሓጅ እገሌ" አልኩ። ስማቸው ከካርዱ አልወጣም፣ ጠሪዎቹ ግን ሕያዋኑ ሆኑ። ለማድረግ የወሰንኩት ግን እኔ አይደለሁም። የሙሽራዋን ታላቅ ወንድም ደውዬ ጠየቅሁት፣ እርሱም እናቱን ጠይቆ መለሰልኝ። በእንዲህ ያለ ቦታ ተርጓሚ ገምቶ ማለፍ የለበትም።

ሁለቱን ዓምድ በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ። እኛ ከግራ ስለምናነብ በግራ ያለው ቤተሰብ የመጀመሪያ ነው፣ በዚህ ካርድ የሙሽራው ወገን። ዐረብኛ ከቀኝ ይነበባል። የካርዱን መልክ እንዳለ ገልብጣችሁ ግራውን በግራ ብታስቀምጡት የሙሽራዋ ቤተሰብ ቀድሞ ይነበባል። ቅደም ተከተሉን ለመጠበቅ ቦታውን መቀያየር ግድ ነው። ስልክ ቁጥር ሲኖር ደግሞ ለብቻው መስመር ስጡት፤ ከዐረብኛ ቃል ጎን ሲሆን የመደመር ምልክቱ ወደ ኋላ ዞሮ ቁጥሩ የተበላሸ ይመስላል።

ወደ ማዕረጎቹ ስንመጣ ቀላሉን ቶሎ እንለፈው። ሐጂ "አልሓጅ" ነው፣ ሐጃ "አልሓጃ"፣ አቶ "አስሰዪድ"፣ ወይዘሮ "አስሰዪዳ"፣ ወይዘሪት "አልኣኒሳ"፣ ዶክተር "አድዱክቱር"። ኢንጂነር "አልሙሀንዲስ" ነው፤ ዐረቦችም እንደ እኛ ከስም በፊት ያስቀምጡታል፣ ስለዚህ አትጣሉት። (የኛ ዲፓርትመንት ልጆች ይህችን አይረሷትም።) "አቶ ሰይድ" ሲያጋጥማችሁ "አስሰዪድ ሰዪድ" ይሆናል፤ ያስቃል፣ ግን ልክ ነው።

ቆም የሚያሰኘው በሁለቱም ቋንቋ አንድ ድምፅ ኖሮት ክብደቱ የሚለያይ ማዕረግ ነው። "ኡስታዝ" ስንል እኛ ዲን የሚያስተምር፣ ዳዕዋ የሚያደርግ ሰው ማለታችን ነው። ዐረብኛው ላይ "አልኡስታዝ" የሒሳብ መምህርም፣ ጋዜጠኛም፣ እንዲሁ የተማረ ሰውም ይባላል፤ ከ"አቶ" ብዙም ያልራቀበት ቦታ አለ። ካርዱ ግርጌ ያሉትን ኡስታዝ "አልኡስታዝ" ብዬ ብተወው ቃሉ ይቀራል እንጂ የታሰበው ክብር ይጎድላል። "አሽሸይኽ" ብዬ ብጽፍ ደግሞ እርሳቸው ለራሳቸው ያልወሰዱትን ማዕረግ መስጠት ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ሼህ ለመባል ዕድሜም ዕውቀትም ይጠበቃል። እኔ የመረጥኩት "አልኡስታዝ"ን ትቼ ከሥሩ "ኢማሙል መስጂድ" ብሎ ሥራቸውን መጻፍ ነው፤ በእርግጥም ኢማም ናቸው። ባይሆኑ ኖሮ "ሙዐሊሙል ቁርኣን" ወይም የሚሠሩትን እጽፍ ነበር። ማዕረግ ሲያከራክር ሥራን መጻፍ ይገላግላል።

የስም አጻጻፍም ከዚህ ጋር ይሄዳል። አማርኛችን ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ድምፅ ያነባል፣ ዐይንን ደግሞ ከአልፍ አይለይም። ስለዚህ ካርዱ ላይ "ሰኢድ" የሚል ስም በመካከሉ ዐይን ያለበት "ሰዒድ" እንደሆነ፣ "ሀሊማ" ደግሞ በጠንካራው ሐ "ሐሊማ" እንደሆነ ማወቅ የተርጓሚው ሥራ ነው። "ሰይድ" እና "ሰዒድ" ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ጽሑፋችን ግን አንዳንዴ ያቀላቅላቸዋል። ባለቤቱ ኢቃማ ወይም ሐጅ የሄደበት ወረቀት ካለው እዚያ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ከዐረብኛ ያልመጣ ስም፣ ለምሳሌ "ይመር"፣ በድምፁ ይጻፋል፤ ትርጉሙን ፈልጋችሁ ዐረብኛ ስም እንዳትፈጥሩለት። ሙሽሮቹን የሚያገናኘው ቃልም ልብ ይባል። አማርኛው "እና" ወይም "ከ... ጋር" ይላል፣ ዐረብኛው "ዘፋፉ ፉላን ዐላ ፉላና" ነው የሚለው፤ "መዐ" ብሎ መተርጎም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ነው። በብዙ የሳዑዲ ካርዶች የሙሽራዋ ስም አይጻፍም፣ "ከሪመቱ እገሌ" ተብሎ በአባቷ ይታለፋል። የእኛው ካርድ ግን ስሟን አውጥቷል። ቤተሰቡ ራሱ ካልጠየቀ በቀር ማንሳት የእኛ ድርሻ አይደለም።

አንቀጹን በተመለከተ ደግሞ ልናገር የሚያሳፍረኝን ልናገር። የአማርኛውን ትርጉም ይዤ ወደ ዐረብኛ መመለስ ጀምሬ ነበር፤ ሦስት ቃል ከጻፍኩ በኋላ ነው የምሠራው ነገር የገባኝ። አማርኛው የቁርኣን ትርጉም ነው፤ እርሱን መልሼ ዐረብኛ ባደርገው የሚወጣው የእኔ ቃል እንጂ የአላህ ቃል አይደለም፣ ተቀባዩ ግን እንደ አያ ያነበዋል። የሱራውን ስምና ቁጥሩን ማየት፣ ከሙስሐፍ ከነሐረካው መገልበጥ፣ ከዚያ ሌላ ሰው እንዲያመሳክረው ማድረግ ብቻ ነው መንገዱ። የካርዱ ላይ ቁጥር ራሱ ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ትርጉሙንና አያውን አስተያዩ።

ሌሎቹ ቋሚ ሐረጎች ይቀላሉ። "በአላህ ፈቃድ" የሚለው "ቢመሺአቲላሂ ተዓላ" ነው፣ ቦታውም እንደ አማርኛው ከቀኑ በፊት። "ኒካሕ" የሚለውን ዐረብኛ ስለሆነ እንዳለ መተው ያጓጓል፤ ዛሬ ዐረቦች ካርድ ላይ የሚጽፉት ግን "ዐቅዱ ቂራን" ነው። ከኢንተርኔት የተዘጋጀ የዐረብኛ ካርድ ወስዳችሁ ስም ብቻ ብትተኩበት ደግሞ ካርዱ ያላለውን ይዞ ይመጣል። አንዱ የተለመደ ሐረግ የሕፃናት ጀነት ቤታቸው ነው ይላል፤ በጨዋ ቋንቋ ልጅ ይዛችሁ አትምጡ ማለቱ ነው። አክስቴ አራት ልጆች አሏት። ያንን ሐረግ ሳላጠፋው ብልከው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

አሁን ወደ ቀንና ሰዓቱ። 2017ን እንዳለ ብትጽፉት ለተቀባዩ ስምንት ዓመት ያለፈው ሠርግ ነው፤ "ግንቦት 10"ን "10 ማዩ" ብትሉት ደግሞ ስምንት ቀን ቀድሞ ይደርሳል። በግንቦት ወር የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ስምንት ቀን ነው፣ ዓመቱም ከጃንዋሪ መግቢያ ወዲህ ስለሆነ ስምንት ይጨመራል። ስለዚህ ግንቦት 10 ቀን 2017 ማለት 18 ማዩ 2025 ነው። በሂጅራ 20 ዙልቀዕዳ 1446። የዐረብኛ ካርድ ሁለቱን "አልሙዋፊቅ" በሚል ቃል ያያይዛቸዋል፣ "ከዚህ ቀን ጋር የሚገጥመው" እንደ ማለት። የዕለቱን ስም ፈጽሞ አትተዉ። የሂጅራው ቀን በጨረቃ መታየት ምክንያት ከአገር አገር በአንድ ቀን ሊለያይ ይችላል፤ እሑድ ግን የትም እሑድ ነው። ለራሳችሁም ማረጋገጫ ነው፦ 18 ማዩ 2025 እሑድ ላይ ካልዋለ ስሌታችሁ ስቷል።

ሰዓቱ ከቀኑ ይብሳል፣ ምክንያቱም ስሕተቱ አይታይም። ከቀኑ 6፡30 ዐረብኛው ላይ 12፡30 ነው፣ "አስሳዐቱስ ሳኒየተ ዐሸረተ ወንኒስፍ ዙህረን"። ጅዳና ደሴ በአንድ የሰዓት ቀጠና ስለሆኑ ስድስት ሰዓት ከመቀነስ ወይም ከመጨመር ሌላ ምንም ማስላት አያስፈልግም። ግን "6፡30" ብሎ የተጻፈ ካርድ ቢደርሳቸው ማንም አይደነግጥም ነበር። ጅዳ ሠርግ የሚደረገው ማታ ነው፤ "ከመግሪብ አካባቢ ነው" ብለው፣ ተኝተው፣ ሽቶ ተቀብተው ሲደርሱ ድንኳኑ እየፈረሰ ይሆናል። ቁጥሩን በፊደል መጻፍና "ዙህረን" የሚለውን መጨመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የኒካሑ ሰዓት ግን ምንም አላስቸገረኝም። "በዕደ ሰላቲል ዐስር" ብዬ አለፍኩ፤ በሶላት የተነገረ ሰዓት ትርጉም አያሻውም። ዝግጅቱ ማታ ቢሆን "መሳእ" በሉ እንጂ "ለይለት" አትበሉ፤ "ለይለቱል አሐድ" ለአንዳንዱ ቅዳሜ ማታ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቅደም ተከተል እንደ አማርኛው ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። ቦታውን ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ቤቱ፣ ሸዋ በር፣ ደሴ፣ ኢትዮጵያ አልኩና መዝጊያውን "ወቢሑዱሪኩም የቲሙ ሱሩሩና" አደረግሁት፣ በመምጣትዎ ደስታችን ይሞላል። አማርኛው መጨረሻ ላይ በግስ የዘጋበትን ቦታ ይህ ይሞላዋል፣ አለበለዚያ ዐረብኛው አድራሻ ላይ ድንገት ይቆማል። ይህችን አንዲት ሐረግ ብቻ ነው የጨመርኩት፤ ለአጎቴም ነግሬዋለሁ።

ጨርሼ ላክሁት። ማታ የአክስቴ ባለቤት ራሱ ደወለ። "ወለዲ፣ ጽሑፍህ ጥሩ ነው፤ ሰዓቱ ግን ተሳስቶብሃል መሰለኝ። ሠርግ በቀትር?" አለኝ። ሰዓቱ ልክ ነበር። ያጠፋሁት "የምሳ ግብዣ" የሚለውን ነው። "ሐፍሉ ዘፋፍ" ሠርግ ማለት ስለሆነ ምሳው እዚያ ውስጥ የተጠቃለለ መስሎኝ ዘልየዋለሁ። እርሱ ደግሞ ምሳ መሆኑን ሳያውቅ 12፡30ን ሊያምነው አልቻለም። ከሰዓቱ ጎን "መእዱበቱ ገዳእ" የሚል ጨምሬ መልሼ ላክሁት። ካነበበው በኋላ የጠየቀኝ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ደሴ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ብቻ ነበር።